ሌሊት የሚነሱ ሥራዎች ርክክብ

የቀጠሮ ሥራ የሚባለው ሰው ሳይነካው፣ የተቆረጠለት ሰዓት ሲደርስ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። ከባንክ የመጣውን የክፍያ ዝርዝር ሌሊት ወደ ሒሳብ መዝገብ የሚያስገባው፣ ዕዳ ላለባቸው ደንበኞች ጠዋት የጽሑፍ መልእክት የሚልከው፣ የዳታቤዙን መጠባበቂያ ቅጂ የሚያወጣው ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ይህን የሚያከናውነው የቆየው መሣሪያ ክሮን ይባላል። ክሮን በየደቂቃው አንድ ዝርዝር ያያል፤ በዝርዝሩ ላይ ለዚያች ደቂቃ የተጻፈ ትእዛዝ ካለ ያስነሳዋል፣ ከሌለ ደግሞ ቀጣዩን ደቂቃ ይጠብቃል። ትእዛዙ ለምን እንደተጻፈ፣ ውጤቱን ማን እንደሚጠብቅ፣ ከእሱ በፊት ምን ማለቅ እንዳለበት አያውቅም።

ይህን የሚያውቀው ሥራውን የጻፈው ፕሮግራመር ነው። እሱ ድርጅቱን ሲለቅ ለተተኪው የሚጽፈው ማስታወሻ አስቸጋሪ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። የመጋዘን ርክክብ ላይ ዕቃው ፊት ለፊት አለ፤ አስረካቢና ተረካቢ አብረው ይቆጥሩና ይፈራረማሉ። የቀጠሮ ሥራዎች ግን ቀን ቀን አይታዩም። ተጠቃሚ የሚከፍተው ገጽ ስለሌላቸው አንዱ ሥራ ቢቆም የሚታወቀው ውጤቱ የቀረበት ሰው ሲጠይቅ ነው፤ ያ ደግሞ ሳምንት ወይም ወር ሊፈጅ ይችላል።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አዲስ አበባ ያለ አንድ መካከለኛ የሸቀጥ አከፋፋይ በምሳሌነት ይወሰድ። ድርጅቱ ለሱቆች በዱቤ ይሸጣል፤ ሱቆቹ ክፍያቸውን በባንክ ያስገባሉ። ሰርቨሩ ላይ አራት የቀጠሮ ሥራዎች አሉ፦ የባንክ ክፍያ ማስገቢያ፣ ለባለዕዳዎች የማስታወሻ መልእክት መላኪያ፣ የወር የሽያጭ ሪፖርት እና የዳታቤዝ መጠባበቂያ ቅጂ።

የማስታወሻው የመጀመሪያ ተግባር አራቱም ሥራዎች የት እንደተጻፉ ማሳየት ነው። ቀላል ቢመስልም አብዛኛው ማስታወሻ የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው። ተረካቢው `crontab -l` ብሎ ቢጽፍ የሚያየው በራሱ የተጠቃሚ ስም የተመዘገቡትን ብቻ ነው። የሌላ ተጠቃሚ ሥራ አይታየውም፤ `/etc/cron.d` በሚባለው ማውጫ ውስጥ ያሉትም አይታዩትም። አዳዲስ ሰርቨሮች ላይ ደግሞ በሌላ መንገድ የተቀጠሩ ሥራዎች ስለሚኖሩ `systemctl list-timers --all` ብሎ ለብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚከፋው ጥድፊያ በነበረበት ቀን ፕሮግራመሩ በራሱ የግል የተጠቃሚ ስም የቀጠረው ሥራ ነው። ሰውየው ሲለቅ የሰው ኃይል ክፍል አካውንቱን ያዘጋዋል፤ አካውንቱ ሲዘጋ በስሙ የተቀጠረው ሥራም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ማስታወሻው እያንዳንዱ ሥራ በማን ስም እንደሚነሳ መናገር አለበት። በግል ስም ያለው ደግሞ ከመልቀቂያው ቀን በፊት ለዚሁ ሥራ ወደተከፈተ የጋራ አካውንት መዛወር ይኖርበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሰዓቱ ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ክፍል ከሌላው ሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የባንክ ክፍያ ማስገቢያው በሰርቨሩ ላይ እንዲህ ተጽፎ ይገኛል፦

```
0 23 * * 1-6 /opt/sales/bin/import_bank.sh
```

የመጀመሪያው ቁጥር ደቂቃ፣ ሁለተኛው ሰዓት ነው። ሁለቱ ኮከቦች የወሩ ቀንና ወሩ የትኛውም ቢሆን ማለት ናቸው። መጨረሻ ያለው 1-6 ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ማለት ነው። እንዲሁ ሲነበብ ሥራው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የሚነሳ ይመስላል። ነገር ግን ሰርቨሩ የሚሠራው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። በሰርቨሩ 23:00 ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ቀኑ ተቀይሮ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል። የሰርቨሩ ሰኞ የአዲስ አበባ ማክሰኞ ሌሊት ነው፤ የሰርቨሩ ቅዳሜም የእሑድ ሌሊት ነው። አንድ ሥራ ላይ ሦስት አቆጣጠሮች ተደራርበዋል፦ የሰርቨሩ፣ በ24 ሰዓት የሚነበበው የአዲስ አበባ ሰዓት፣ እና ሰው በቃሉ የሚናገረው የእኛ የሰዓት አቆጣጠር። የፋይናንስ ኃላፊዋ «8 ሰዓት ላይ ይሂድ» ብትልና አዲሱ ፕሮግራመር በክሮን ላይ 8 ብሎ ቢጽፍ ሥራው የሚነሳው ከረፋዱ 5 ሰዓት ይሆናል። ማስታወሻው ሰዓትን በጻፈ ቁጥር የአዲስ አበባውን «ከሌሊቱ» ወይም «ከጠዋቱ» ከሚል ቃል ጋር፣ ከጎኑም የሰርቨሩን ቢያስቀምጥ ይህ ስሕተት አይደርስም።

ሰዓቱን ብቻ መጻፍ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም አብሮ መጻፍ አለበት። ባንኩ የቀኑን ዝርዝር የሚልከው ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል እስከ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው እንበል። ስምንት ሰዓት የተመረጠው ፋይሉ ደርሶ እንዲገኝ ነው። ይህን የማያውቅ ተረካቢ ሰርቨሩ ሌሊት ሥራ በዝቶበት ቢያይ ማስገቢያውን ወደ ስድስት ሰዓት ሊያመጣው ይችላል። በአብዛኛው ሌሊት ይሠራለታል፤ ፋይሉ ዘግይቶ በደረሰበት ሌሊት ግን ምንም ሳያገኝ ያልፋል። እንዲህ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ብልሽት ምንጩ ቶሎ አይገኝም።

ከዚህ የባሰም አለ። ማስገቢያው የሚፈልገው ፋይል በስሙ ውስጥ ቀን አለው፤ የትኛውን ፋይል እንደሚከፍት የሚያውቀው የሰርቨሩን የዛሬ ቀን በመጠየቅ ነው። በአዲስ አበባ ማክሰኞ ሌሊት ቢሆንም ሰርቨሩ ገና ሰኞ ላይ ነው፤ ባንኩም ፋይሉን የሰየመው በሰኞ ቀን ነው። የሁለቱ መግጠም አጋጣሚ ነው። ፕሮግራመሩ ሲጽፈው ስለሠራለት አልነካውም። ተረካቢው በቅን ልቦና የሰርቨሩን ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ቢቀይርና መስመሩን ወደ 2:00 ቢያስተካክል፣ ሥራው በትክክለኛው ሰዓት ይነሳና የማክሰኞን ፋይል ይፈልጋል። የማክሰኞ ፋይል ደግሞ ገና አልተወለደም። የሳምንቱ ቀኖችም ይዛባሉ፦ የቅዳሜን ክፍያ የሚያስገባው የእሑድ ሌሊት ዙር ይቀርና በምትኩ ምንም የማይጠብቀው የሰኞ ሌሊት ዙር ይገባል። በዚህ ላይ ክሮን ብዙ ጊዜ የሰዓት ክልል መቀየሩን የሚያውቀው ራሱ ተዘግቶ ሲነሳ ስለሆነ፣ ጥፋቱ ለውጡ ከተደረገ ከሳምንታት በኋላ፣ ሰርቨሩ በሌላ ምክንያት በተነሳበት ቀን ብቅ ሊል ይችላል። በዚያን ጊዜ ደግሞ ለውጡን የሚያስታውሰው የለም።

የመረጃ ምንጭ የሚለው ክፍል ፋይሉ ከየት እንደሚመጣ ከመናገር አልፎ ጤነኛው ፋይል ምን እንደሚመስል መግለጽ አለበት። የባንኩ ፋይል በተለመደ ቀን ስንት ያህል መስመር አለው? የመጨረሻው መስመር የቀኑን ድምር ይይዛል ወይስ ተራ ክፍያ ነው? ድምር ከሆነ ማስገቢያው ያንን መስመር እንደ አንድ ደንበኛ ክፍያ እንዳይቆጥረው የሚዘለው የት ላይ ነው? ፋይሉ ሲቀር ባንኩ ውስጥ የሚደወለው ለየትኛው ክፍል ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ኮዱን በማንበብ ብቻ አይመለሱም። የይለፍ ቃሎች ግን በማስታወሻው ላይ አይጻፉም፤ ማስታወሻ በኢሜይል ይዞራል፣ ታትሞም ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። የሚጻፈው ቃሉ የት እንደተቀመጠ፣ ማን እንደሚያድሰውና የሚያበቃበት ቀን ነው።

በአማርኛ በሚሠራ ሥርዓት ደግሞ በሌላ ቋንቋ መመሪያ ላይ የማይገኝ ጣጣ አለ። ከፋዩ የደንበኛ ቁጥሩን ሳይጽፍ ሲቀር ማስገቢያው በስም ለማዛመድ ይሞክራል እንበል። ባንኩ «ፀሐይ» ብሎ የላከውን ስም የድርጅቱ መዝገብ «ጸሀይ» ብሎ ይዞታል። ለአንባቢ አንድ ሴት ናት፤ ለኮምፒውተር ሁለት ሰዎች ናቸው። «ኃይሉ»ና «ሀይሉ»፣ «ሠናይት»ና «ሰናይት»፣ «ዓለሙ»ና «አለሙ» እንዲሁ ናቸው። ለዚህ ሲባል ማስገቢያው ከማነጻጸሩ በፊት ሐን፣ ኀን፣ ሓን፣ ኃንና ሃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ዐን፣ ዓንና ኣን ወደ አ ይለውጣል። ኮዱን የሚያነብ ተረካቢ ይህን መተካት ያየዋል፤ ላያየው የሚችለው ለውጡ ለማነጻጸር ብቻ መሆኑን ነው። ደረሰኝ ላይ የሚታተመው ስም ባለቤቱ እንደሚጽፈው መቅረት አለበት፤ ስሙን በተስተካከለው ቅርጽ መዝገብ ላይ መልሶ ማስቀመጥ የሰው ስም ማበላሸት ነው።

አሁን ወደ ልዩ ጠባዮቹ ይገባል፤ የማስታወሻው እምብርትም ይህ ነው። የአከፋፋዩ ዋናው ችግር ሁለት ሥራዎች መካከል ነው። የማስታወሻ መልእክት መላኪያው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይነሳና ዕዳቸው ያለፈባቸውን ደንበኞች ስልክ ሰብስቦ መልእክት ይልካል። ዝርዝሩ ትክክል የሚሆነው ሌሊት የባንኩ ክፍያ ከገባ ብቻ ነው። ነገር ግን መላኪያው ማስገቢያው መጨረሱን አይጠይቅም፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሰዓት ብቻ ነው። የባንኩ ፋይል ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የደረሰ ዕለት ትናንት የከፈሉ ባለሱቆች «ዕዳዎን ይክፈሉ» የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። ክሮን በሁለቱም ሥራዎች ላይ ስሕተት አያይም፤ ሁለቱም በሰዓታቸው ተነስተዋል። ጥፋቱን የሚያሳየው ሎግ ላይ ያለ ምልክት ሳይሆን የተቆጣ ደንበኛ ስልክ ነው። ስለዚህ ማስታወሻው «ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት ክፍያው መግባቱ ካልተረጋገጠ መላኪያውን አቁም» ማለትና እንዴት እንደሚቆም ማሳየት አለበት።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ሥራው ሁለተኛ ጊዜ ቢነሳ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ነው። አንድ ሥራ መሃል ላይ ሲቋረጥ የማንም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ እንደገና ማስነሳት ነው። ለክፍያ ማስገቢያው ይህ አይጎዳም፤ እያንዳንዱ ክፍያ የባንክ መለያ ቁጥር ስላለው አስቀድሞ የገባውን ይዘለዋል። መልእክት መላኪያው ግን ማን እንደተላከለት አይመዘግብም። ሦስት መቶ ሰው ላይ ቆሞ እንደገና ቢነሳ ለሦስት መቶዎቹ ሁለተኛ ይልካል፤ የሁለተኛውንም ሒሳብ ድርጅቱ ይከፍላል። «ደግሞ ማስነሳት ይቻላል» ወይም «አይቻልም» የሚለው አንድ ሐረግ በእያንዳንዱ ሥራ ስም ሥር ሊኖር ይገባል። ሌሊት የሚጠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ያንን ነው።

የወር ሪፖርቱ ሌላ ዓይነት ጠባይ አለው። ድርጅቱ ወሩን የሚዘጋው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ክሮን ደግሞ የሚያውቀው የጎርጎርዮሱን ብቻ ነው። ቀላሉ መንገድ የወሮቹን መባቻ በፈረንጅ ቀን መጻፍ ይመስላል፦ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፣ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10 እያሉ። ይህ ለሦስት ዓመት ልክ ይሆናል። ጳጉሜን 6 ቀን ባላት ዓመት ማግሥት ግን ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉት መባቻዎች ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋሉ። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ፤ መስከረም 1 ቀን 2017 እና 2018 ሴፕቴምበር 11 ላይ ዋሉ፤ መስከረም 1 ቀን 2020 እንደገና ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ከመጋቢት ጀምሮ ቀኖቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ስለዚህ በጀት ዓመቱ የሚጀምርበት ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8 ነው። አዋቂ ፕሮግራመር እነዚህን ቀኖች በክሮን አይጽፍም። ሥራውን በየሌሊቱ ያስነሳና ፕሮግራሙ ራሱ «ዛሬ በኢትዮጵያ ወር መባቻ ነው ወይ?» ብሎ ይፈትሻል፤ ካልሆነ ምንም ሳይሠራ ይወጣል። ማስታወሻው ይህን ካልተናገረ ተረካቢው በወር ሠላሳ ጊዜ የሚነሳ የወር ሪፖርት አይቶ ስሕተት ነው ብሎ ሊያስተካክለው ይችላል።

ጳጉሜን ላይ ደግሞ ኮዱ ፈጽሞ ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ አለ፦ የአምስቱ ወይም የስድስቱ ቀናት ሽያጭ የማን ነው? ከነሐሴ ጋር ይደመራል፣ ወይስ ለብቻው ይወጣል? ኮዱ አንዱን ያደርጋል፤ ለምን እንደሚያደርግ ግን አይናገርም። ይህን የወሰነው ሰው በፋይናንስ ክፍል ነበረ ወይም አለ። ማስታወሻው ውሳኔውን፣ የወሰነውን የሥራ መደብና ዓመቱን ሊይዝ ይገባል።

በመጨረሻ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ መገለጽ አለበት። የባንኩ ፋይል በእሑድ አይመጣም፤ በጥምቀት፣ በፋሲካ፣ በኢድ ቀንም አይመጣም። ስለዚህ ማስገቢያው ፋይል ካጣ ሳይጮህ እንዲወጣ ተደርጓል። ውጤቱ ግን የበዓል ቀንና የተበላሸ ቀን አንድ ዓይነት መልክ መያዛቸው ነው። መጠባበቂያ ቅጂ የሚያወጣው ሥራም ሲሳካ ዝም ይላል፤ ሳይሳካለት ሲቀር ኢሜይል እንዲልክ ተደርጓል። ኢሜይሉ ራሱ ካልደረሰስ?

ይህ በታዋቂ ድርጅት ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የፕሮግራመሮች ኮድ ማስቀመጫ በሆነው በጊትላብ አንድ መሐንዲስ በምሽት የዳታቤዝ ችግር ሲያስተካክል ትእዛዙን በተሳሳተ ሰርቨር ላይ ሰጠና ዋናውን መረጃ አጠፋ። ወደ መጠባበቂያው ቅጂ ሲሄዱ ማስቀመጫው ባዶ ነበር። ቅጂውን በየቀኑ ያወጣል የተባለው ሥራ የሚጠቀመው `pg_dump` የ9.2 እትም ሲሆን ዳታቤዙ 9.6 ስለነበር ሥራው በተነሳ ቁጥር ይወድቅ ነበር። መውደቁን የሚናገሩት ኢሜይሎች የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጠውን ፊርማ ስላልያዙ ተቀባዩ ሰርቨር ይመልሳቸው ነበር። ያዳናቸው ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ለሌላ ጉዳይ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የገባው መረጃ ጠፍቷል። ድርጅቱ ይህን ሁሉ ራሱ በዝርዝር አሳውቋል።

ስለዚህ ማስታወሻው «ስሕተት ካለ ኢሜይል ይመጣል» ብሎ ማለፍ የለበትም። ለእያንዳንዱ ሥራ መሳካቱ በምን እንደሚታይ ይናገር። ለባንክ ማስገቢያው መለኪያው ትናንት የገቡት ክፍያዎች ቁጥርና ድምር ከፋይሉ የመጨረሻ መስመር ጋር መግጠማቸው ነው። ለመጠባበቂያ ቅጂው የፋይሉ መኖር አይበቃም፤ መጠኑ ከትናንቱ ጋር ይተያያል፣ በወር አንድ ጊዜም በሌላ ማሽን ላይ ተከፍቶ ይታያል። ከዚህ የተሻለው ሥራው ሲሳካ «ጨርሻለሁ» ብሎ እንዲያሳውቅና ያ መልእክት በሰዓቱ ሳይመጣ ሲቀር ሌላ ሰርቨር ማንቂያ እንዲያሰማ ማድረግ ነው። እንዲህ ሲሆን ሰርቨሩ በሙሉ ቢሞት እንኳ ይታወቃል።

የአንዱ ሥራ መግለጫ ሲያልቅ ከዚህ የረዘመ መሆን የለበትም፦

«የባንክ ክፍያ ማስገቢያ። በአዲስ አበባ ከማክሰኞ እስከ እሑድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይነሳል (በሰርቨሩ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ 23:00)። ባንኩ እስከ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ስለሚልክ ከዚያ በፊት አታምጣው። የፋይሉን ቀን የሚወስደው ከሰርቨሩ ሰዓት ነው፤ የሰርቨሩን ሰዓት ከቀየርክ ቀኑንም በአንድ ወደ ኋላ መልስ። በበዓል ቀን ፋይል አይመጣም፤ በሥራ ቀን ከቀረ ለባንኩ ደውል። ደግሞ ማስነሳት ይቻላል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ካልገባ መልእክት መላኪያውን አቁም።»

ማስታወሻው መሥራቱ የሚፈተነው ጸሐፊው ገና ቢሮ ውስጥ እያለ ነው። ተረካቢው ሰነዱን ብቻ ይዞ የትናንቱን ማስገቢያ ደግሞ ያስነሳል፤ አስረካቢው አጠገቡ ቁጭ ብሎ አፉን ይዘጋል። ተረካቢው የጠየቀው ጥያቄ ሁሉ ከማስታወሻው የጎደለ መስመር ስለሆነ እዚያው ይጨመራል። ቀጥሎ የአስረካቢው የግል አካውንት ሳይሰረዝ ለጊዜው ይታገዳል፤ ለጥቂት ሌሊቶች ሁሉም ሥራ ተነስቶ እንደሆነ ይታያል። በየቀኑ የሚነሱት ሥራዎች በዚህ ጊዜ ውስጥ ይፈተሻሉ። የወር ሪፖርቱ ግን የሚፈተነው በሚቀጥለው ወር መባቻ ስለሆነ አካውንቱ የሚሰረዘው ከዚያ በኋላ ነው። የጳጉሜን ስሌት ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚመጣ፣ ተረካቢው ያለፈውን ዓመት የነሐሴና የጳጉሜን ሽያጭ በሙከራ ዳታቤዝ ላይ አስገብቶ የወጣውን ድምር በዚያ ዓመት ከታተመው ሪፖርት ጋር ያስተያያል።